ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ 480 ሊትር፦ ስለ ቆጣሪ ዳታ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ያለው የኛ ግቢ ውሃ የሚያገኘው ከአንድ የጋራ ታንከር ነው። መውጫው ላይ ቆጣሪ አለ፤ በየሰዓቱ ስንት ሊትር እንደወጣ ይመዘግባል። ዳታውን የምከታተለው እኔ ነኝ። በቀደም ማክሰኞ ሌሊት ቧንቧ ፈንድቶ አላርሙ ስልኬ ላይ ከጮኸ በኋላ ጥያቄው በዛ። እስቲ እዚሁ ጠይቁኝ። ሰዓቱን የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው።

«ይሄ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? ከ2000 ሊትር ካለፈ ይጩህ ብሎ መተው አይቻልም?»

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ግቢው በሙሉ ሲታጠብ 2400 ሊትር ይወጣል። ምንም ችግር የለበትም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ግን 200 አካባቢ ነው። ያን ሌሊት የወጣው 480 ነበር። ከ2000 በጣም ያንሳል፣ ለዚያ ሰዓት ግን ከእጥፍ በላይ ነው። አንድ ወሰን ለሁሉም ሰዓት ካደረግክ ጠዋት በከንቱ ይጮኻል፣ ሌሊት ዝም ይላል።

ቀኑም ይለያያል። ቅዳሜ ረፋድ ልብስ የሚታጠብበት ነው፤ እሁድ ጠዋት ደግሞ ሰው አርፍዶ ይነሳል። ስለዚህ የማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓትን የማወዳድረው ካለፉት 6 ማክሰኞዎች ሌሊት 8 ሰዓት ጋር ብቻ ነው። 7 ቀን በ24 ሰዓት፣ 168 ሳጥን ማለት ነው። ሳምንት ባለፈ ቁጥር አንድ አዲስ ቁጥር ይገባል፣ የቆየው ይወጣል። ሮሊንግ ቤዝላይን የሚባለው እንዲህ እየታደሰ የሚሄድ ማወዳደሪያ ነው።

«እኔ የመጨረሻዎቹን 24 ሰዓታት አማካይ ወስጄ፣ ከ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ የራቀውን ነው የምይዘው። ሮሊንግ ቤዝላይን ማለት ይኸው አይደል?»

ሮሊንግስ ነው። ግን ወንድሜ፣ በነዚያ 24 ሰዓታት ውስጥ የጠዋቱ 2400ም የሌሊቱ 200ም አብረው አሉ። ስርጭቱ ሰፊ ስለሚሆን ሌሊት የሚመጣ ጭማሪ እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

ሳጥኑን ብታስተካክልም አማካዩ ራሱ ጣጣ አለው። የኛ 6 ማክሰኞዎች እነዚህ ናቸው፦ 210፣ 190፣ 230፣ 205፣ 1150፣ 215። 1150ው አንድ ሰው የአትክልት ጎማ ከፍቶ የተኛበት ሌሊት ነው። አማካዩ 367 ይሆናል፣ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 384። በዚህ ስሌት 480 ከአማካዩ የሚርቀው 0.3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻ ነው። ቧንቧው ፈንድቶ ጤነኛ ነው ይልሃል። አንድ የድሮ ስህተት አዲሱን ሸፈነው ማለት ነው።

በሚዲያን፣ ማለትም ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ በሚውለው፣ ስሠራው መሃሉ 212.5 ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ከዚያ ምን ያህል እንደራቀ አይቼ፣ የርቀቶቹን ሚዲያን እወስዳለሁ፤ 12.5 ይመጣል። በ1.4826 ሲባዛ ከስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጋር የሚመጣጠን 18.5 ይሆናል። 480 ከመሃሉ የዚህን 14 እጥፍ ርቋል። የኔ ወሰን 4 ነው፤ ሁለት ተከታታይ ሰዓት ካላለፈም አይጮኽም።

```python
g = df.groupby("slot")["litres"]
base = g.transform(
    lambda s: s.shift(1).rolling(6, min_periods=4).median())
df["resid"] = df["litres"] - base
```

`slot` ሳጥኑ ነው፣ `resid` ደግሞ ከቤዝላይኑ ያለው ልዩነት። `shift(1)` እንዳትረሳ። ከሌለ የዛሬው ቁጥር ራሱ ቤዝላይኑ ውስጥ ገብቶ ራሱን ይከላከላል።

«ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። ከ6 ቁጥር ተነስቶ ስለ ስርጭት መናገር ድፍረት ነው። 18.5 በዕድል የመጣ ሊሆን ይችላል።»

እውነት ነው መምህር። 6ቱ ቁጥሮች በአጋጣሚ ተቀራርበው የሚገኙበት ሳጥን አለ። ያኔ ስርጭቱ ወደ 2 ወርዶ 10 ሊትር ጭማሪ ያስጮኸዋል። ሁለት ነገር አድርጌያለሁ። መሃሉን ከራሱ ሳጥን ብቻ እወስዳለሁ፤ ስርጭቱን ግን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ሰዓታት ጋር ደርቤ፣ በ18 ልዩነት እሠራዋለሁ። የምደርበው `resid`ን እንጂ ሊትሩን አይደለም። ሊትሩን ብደርብ ኖሮ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ፣ አጠቃቀሙ በአንዴ ሽቅብ ሲወጣ፣ ስርጭቱ ያለ ቅጥ ይሰፋ ነበር። ከዚያ ደግሞ ስርጭቱ ከመሃሉ 5 በመቶ በታች እንዳይወርድ ወለል አበጅቼለታለሁ። 5ን የመረጥኩት እየሞከርኩ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለኝም።

«ታዲያ ውሃ በፈረቃ የሚለቀቅልን መቼ እንደሆነ ቀድሞ ይነግረናል?»

አይነግርም እማዬ። ቆጣሪው የሚያየው ከታንከሩ የሚወጣውን ነው፣ የሚገባውን አይደለም። ግን ፈረቃው ይነካዋል። ውሃ በሚመጣበት ቀን ሰው በርሜሉን ሁሉ ይሞላል፣ ያ ቀን ከፍ ብሎ ይለመዳል። ፈረቃው ከረቡዕ ወደ ሐሙስ ሲዞር ለጥቂት ሳምንት ሁለቱም ቀን ያስጮኻል። ያኔ ያለ ምንም ጥበብ የሁለቱን ቀን አላርም አጠፋለሁ።

«መብራት በተመለሰ ቁጥር የኔ ሲስተም ይጮኻል። ሴንሰሩን ልቀይረው?»

ከመቀየርህ በፊት ጥሬውን ዳታ ተመልከት። ቆጣሪው የሚይዘው ድምር ነው፤ የሰዓቱ ፍጆታ የሚገኘው ሁለት ንባብ ተቀናንሶ ነው። መብራት ከ10 እስከ 1 ሰዓት ከጠፋ መመዝገቢያው ይተኛል፣ ውሃው ግን በስበት ይወርዳል። ሲመለስ የ3 ሰዓቱ ውሃ በአንድ ሰዓት ላይ ይቆለላል። በሁለቱ ንባብ መካከል ያለው ጊዜ ከአንድ ሰዓት በግልጽ ከበለጠ ያንን ቁጥር ባዶ አድርገው። 0 እንዳታደርገው፤ 0 ቤዝላይኑን ወደ ታች ይጎትተዋል።

«ሰበታ እንጀራ እያስጋገርኩ እሸጣለሁ፣ በየሰዓቱ እመዘግባለሁ። በጾም የጠዋቱ ሽያጬ ይወርዳል፣ በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ያብዳል። ያንተ 6 ሳምንት ለኔ ይሠራል?»

ለዋዜማው መላ አለው እህቴ። በዓላቱን ምልክት አድርጊባቸውና ከቤዝላይን አውጫቸው፤ ያን ዕለት አላርሙን አትመኚው። ገና ወይም ጥምቀት በሥራ ቀን ሲውል እኔ ከእሁድ ሳጥን ጋር ነው የማወዳድረው፣ ይቀርባል።

ዐቢይ ጾም ግን ከባድ ነው። 55 ቀን ነው፣ ከ6 ሳምንቱ መስኮት ይረዝማል። ሲገባ ቤዝላይኑ የቅበላውን ይዞ ስለሚቆይ በየጠዋቱ ቀነሰ ይልሻል። ሲላመደው ጾሙ ተጋምሷል፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ተቃራኒው። መስኮቱን ወደ 3 ሳምንት ብታሳጥሪው ቶሎ ይለምዳል፣ ግን በ3 ቁጥር ሚዲያን በጣም ይንቀጠቀጣል። ያለፈው ዓመት ጾም መዝገብ ካለሽ ከዚያ ጋር ብታወዳድሪ ይሻላል እላለሁ። ሞክሬው ግን አላውቅም።

«መምህሩ ነኝ እንደገና። ቀስ ብሎ የሚጨምር ፍሳሽስ? ቤዝላይንህ አብሮት አይወጣም?»

ይወጣል። ደርሶብኛልም። የሽንት ቤት ፍላሾች ጎማቸው እያለቀ አንድ በአንድ ማንጠባጠብ ጀመሩ። የሌሊቱ ውሃ በየሳምንቱ 20 ሊትር ይጨምራል እንበል። ሚዲያኑ በ3 ሳምንት ተኩል ወደ ኋላ ስለሚቀር ልዩነቱ ሁልጊዜ 70 ነው። 6ቱ ቁጥሮች ራሳቸው መሰላል ስለሆኑም ስርጭቱ ከነሱ ብቻ ሲሠራ ወደ 44 ያድጋል። ውጤቱ 1.6፣ አላርም የለም። በ10 ሳምንት በሰዓት 200 ሊትር እየፈሰሰ ሲስተሙ ሁሉ ሰላም ይል ነበር።

አሁን ጎን ለጎን ሌላ ቁጥር እይዛለሁ። ሌሊት ከ7 እስከ 10 ሰዓት ሰው ብዙም ውሃ አይነካም፤ የዚያን ጊዜ ፍጆታ የሳምንቱን ሚዲያን ወስጄ፣ ከቅርቦቹ ሳምንታት ጋር ሳይሆን ከ8 እስከ 14 ሳምንት በፊት ከነበረው ጋር አወዳድራለሁ። ከሩብ በላይ ካደገ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። አዳዲስ ሰዎች ወደ ግቢው ሲገቡም ያድጋልና፣ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ቤት ለቤት ዞሮ ፍላሹን ሲያዳምጥ ነው።

«ድምር የሚይዝ ዘዴ፣ ኩሱም፣ ቶሎ አይዝልህም ነበር?»

ሳይዝ አይቀርም። ግን እሱም ቋሚ መነሻ ይፈልጋል፤ ያንን መነሻ መቼ ማደስ እንዳለብኝ ነው ያልቆረጠልኝ። አንተ የምታድሰው በምን ምልክት ነው?