የጠፋው ትዕዛዙ ነው ወይስ ቆጠራው?

«ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የቤት ዕቃ ሱቅ አለኝ። በኢንተርኔት የሚያስተዋውቅልኝ ድርጅት የኖቬምበር ሪፖርቱን በኢሜይል ላከልኝ። በድረ ገጼ የመጣው ትዕዛዝ፣ እነሱ ኮንቨርዥን የሚሉት፣ ከ64 ወደ 19 ወርዷል። ምክንያቱ ‹ገበያው ቀዝቅዞ ነው› ይላሉ። 35,000 ብር ክፈልም ብለውኛል፤ 20,000ው ለማስታወቂያ የወጣ፣ 15,000ው የአገልግሎት ዋጋቸው ነው። አልከፍልም ማለት እችላለሁ? ካሳስ መጠየቅ እችላለሁ?»

የላኩልኝን ሪፖርት አየሁት። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው መስመር ዓይን ይስባል። እስከ ኖቬምበር 11 ድረስ በየቀኑ አንድ ሁለት ትዕዛዝ አለ። ከ12 ጀምሮ እስከ ወሩ መጨረሻ ዜሮ ነው። ማስታወቂያውን ነክቶ ወደ ድረ ገጹ የሚገባው ሰው ግን አልቀነሰም። ገበያ ሲቀዘቅዝ እንዲህ አይደለም። ቀስ እያለ ይወርዳል እንጂ በአንድ ሌሊት ድርግም አይልም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቆጠራው ነው።

ደንበኛ ትዕዛዝ ሲልክ «እናመሰግናለን» የሚል ገጽ ይከፈትለታል። የመቁጠሪያው ኮድ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው። ያ ገጽ ሲታደስ ወይም አድራሻው ሲቀየር ኮዱ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ያኔ ትዕዛዙ እርስዎ ጋ ይደርሳል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን አይታይም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የትዕዛዝ ደብተርዎን ይግለጡ። የቴሌብርና የባንክ መልእክቶችዎንም አብረው ያውጡ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የእነሱን ኖቬምበር ከእኛ ኅዳር ጋር ያወዳድራል። የዘንድሮው ኖቬምበር ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ነው። ቁጥሩ የተቆረጠበት ኖቬምበር 12 ደግሞ ኅዳር 3 ነው። ከኅዳር 3 ጀምሮ በደብተርዎ ላይ በድረ ገጹ የመጣ ትዕዛዝ ካለ፣ የጠፋው ቆጠራው ነው ማለት ነው።

ደብተሩ ለሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሆኖ መጨረሻ ላይ ከሳሳም አይገረሙ። ማስታወቂያው እንዲታይ የሚከፈለውን ዋጋ ሲስተሙ ራሱ እንዲወስን ተደርጎ ከተሠራ፣ ሲስተሙ የሚመራው በሚቆጠረው ትዕዛዝ ነው። ቆጠራው ዜሮ ሲሆንበት «አይሸጥም» ብሎ ይይዛል። ከዚያ ዋጋውን ይቀንሳል፣ ወይም ገንዘቡን ለማይገዛ ሰው ያባክነዋል። በቆጠራ የጀመረው ስህተት እውነተኛ ኪሳራ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ። ውልዎን ያንብቡት። «በወር ይህን ያህል ትዕዛዝ እናመጣለን» ይላል? ከሆነ ቁጥሩ ራሱ ግዴታ ነው። «ማስታወቂያዎን በሚቻለን ሁሉ እናስተዳድራለን» ብቻ ከሆነ ግን በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1795 መሠረት የሚጠየቁት ጥፋት ሲገኝባቸው ነው። በእኔ እይታ ቁጥሩ ለ19 ቀን ዜሮ ሲሆን ሳይመረምሩ ገበያውን መውቀስ እንደ ጥፋት የሚቀርብ ነው። ነገር ግን ገጹን ያደሰው ማን ነው? የራስዎ ባለሙያ ነክቶት ለድርጅቱ ካልነገረ ክርክርዎ በጣም ይሳሳል። ይህን ሳያጣሩ አንድ ደብዳቤ እንኳ አይጻፉ።

ከዚያ በስልክ አይጨቃጨቁ፣ በዚያው ኢሜይል ላይ ይመልሱ። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት ኢሜይል ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ በማስረጃነት ውድቅ አይደረግም። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «ከኖቬምበር 12 ጀምሮ ቁጥሩ ዜሮ ነው። በዚያ ሳምንት በማስታወቂያ መለያውና በድረ ገጹ ላይ ምን እንደተቀየረ፣ ማን እንደቀየረው ከማስረጃው ጋር እንድትልኩልኝ፣ ቆጠራውንም በሰባት ቀን ውስጥ እንድታስተካክሉ እጠይቃለሁ።» ይህ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 የሚፈለገው ማስጠንቀቂያ ሆኖ ያገለግልዎታል። የጉግል ማስታወቂያ ከሆነ መለያው ውስጥ “Change history” የሚባል ገጽ አለ፤ የተደረገውን ለውጥ ከነቀኑና ከነአድራጊው ያሳያል። እርስዎም መግቢያ ይስጡኝ ይበሉ። የድረ ገጹ ለውጥ ግን እዚያ አይታይም፣ ከሠራው ሰው ይጠይቁ።

ክፍያውን በሙሉ መያዝ አልመክርም። 20,000 ብሩ ለማስታወቂያው በትክክል ወጥቶ ከሆነ ደረሰኙን አይተው ይክፈሉ። ካልከፈሉ ውል አፍራሹ እርስዎ ይሆናሉ። የ15,000ውን ግን «ማብራሪያው እስኪደርሰኝ አቆይቻለሁ» ብለው በጽሑፍ ማሳወቅ ሚዛናዊ ይመስለኛል።

ካሳን በተመለከተ፣ በ64 እና በ19 መካከል ያለው 45 ትዕዛዝ ጉዳትዎ አይደለም። ያልተቆጠረ እንጂ ያልተሸጠ ላይሆን ይችላል። የሚጠየቀው ደብተርዎ ላይ በእርግጥ የጎደለው ነው፤ እሱም የሽያጩ ዋጋ ሳይሆን ያጡት ትርፍ ነው። ቁጥር 1802 ደግሞ ተጎጂውም ጉዳቱን እንዲቀንስ ይጠብቅበታል። ቆጠራው እንደተበላሸ እያወቁ ማስታወቂያው ሌላ ወር እንዲሮጥ ከተዉት፣ የዚያ ወር ኪሳራ በእርስዎ ላይ ይቆጠራል። ኮዱ ዛሬውኑ ይስተካከል፣ አለዚያም እስኪስተካከል ድረስ ማስታወቂያው ይቁም።