ቻቱ፣ ፕሮጀክቱና አካውንቱ፦ የትኛው ምን ያስታውሳል? ጥያቄና መልስ

ቻትጂፒቲና ክላውድ ለሥራ የምትጠቀሙ የቡድናችን አባላት ሁለት ነገር ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ነግሬው ነበር፣ ረሳው» እና «ሳልነግረው ከየት አወቀ?» ሁለቱም የሚፈቱት የነገራችሁት ነገር የት እንደተቀመጠ ስታውቁ ነው። ዛሬ የምመልሰው ስለዚህ ነው። ፕሮጀክት የምለው የአንድ ሥራ ቻቶች፣ መመሪያና ፋይሎች አብረው የሚቀመጡበትን ክፍል ነው።

ተርጓሚዋ፦ ለሁለት ድርጅቶች የጤና በራሪ ወረቀት እተረጉማለሁ። አንደኛው «የደም ግፊት» ብቻ በይ ብሎኛል። ትናንት ለክላውድ ነገርኩት፣ በትክክል ሠራ። ዛሬ እዚያው ፕሮጀክት ውስጥ አዲስ ቻት ስከፍት «ደም ብዛት» ብሎ ጻፈልኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የነገርሽው ለፕሮጀክቱ ሳይሆን ለትናንቱ ቻት ነው። መልእክት በላክሽ ቁጥር ሞዴሉ ያንን ቻት ከላይ ጀምሮ እንደገና ያነበዋል። ትናንት የታዘዘልሽም ትእዛዙ እዚያው ከፊቱ ስለነበረ ነው። ዛሬ የከፈትሽው ቻት ግን ባዶ ወረቀት ነው። ከፕሮጀክቱ የሚያገኘው አንቺ የጻፍሽውን መመሪያና የጫንሽውን ፋይል ነው። አንዳንዴ ከሌሎች ቻቶች የተጨመቀ ነገር ይደርሰው ይሆናል፤ ምን እንደሚመርጥ ግን አንቺ አትወስኚም። የደንበኛ ትእዛዝ በዚህ ላይ አይጣልም።

እንዲህ አድርጊ። የቃላት ዝርዝርሽን አጭር ፋይል ላይ ጻፊው፤ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ መስመር፦

```
hypertension = የደም ግፊት («ደም ብዛት» አይጻፍ)
```

ፋይሉን ፕሮጀክቱ ላይ ጫኚ። መመሪያው ውስጥም «ከመተርጎምህ በፊት የቃላት ዝርዝሩን ተከተል» በዪ። ዝርዝሩ በጣም አጭር ከሆነ ራሱን መመሪያው ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ፋይሎች ሲበዙ መሣሪያው ሁሉንም አያነብም፤ ለጥያቄው የሚመስለውን ቁራጭ ብቻ ፈልጎ ያወጣል። በስልሳ ገጽ ሰነድ መሃል የተቀበረ ትእዛዝ ላይወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ደንበኛሽ የራሱ ፕሮጀክት ይኑረው። እሱ አንባቢው የሚያውቀው «ደም ብዛት» ነው ቢልሽ፣ ትእዛዙ በራሱ ፋይል ይቀመጣል። «ሁልጊዜ የደም ግፊት እንደምል አስታውስ» እንዳትዪው። እንዲህ ያለው ነገር የአካውንቱ ሜሞሪ ውስጥ፣ ማለትም መሣሪያው ስለ አንቺ በሚይዘው ማስታወሻ ውስጥ፣ ገብቶ የሌላውን ደንበኛ ሥራ ሊያበላሽ ይችላል።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ እኔ እስከሚገባኝ ሜሞሪ ማለት ሞዴሉ በእኛ ጽሑፍ ሠለጠነ ማለት ነው። ስለዚህ አንዴ ከገባ አይወጣም።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ጽሑፍህ ለሥልጠና ሊውል ይችላል፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ማስተካከያ አለው። ሜሞሪ ግን ስለ አንተ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። አዲስ ቻት ስትጀምር ከጥያቄህ ጋር ተያይዞ ለሞዴሉ ይቀርባል። ሞዴሉ ራሱ አይለወጥም። ስለዚህ ማስታወሻውን ማየትም ማጥፋትም ይቻላል።

የሱቅ ባለቤቱ፦ የእቃ ዋጋ ያወራሁበትን ቻት ሙልጭ አድርጌ አጥፍቼዋለሁ። ቻትጂፒቲ ግን አሁንም የድሮውን ዋጋ ይጠቅስብኛል።

መልስ፦ ጋሼ፣ ቻቱን ማጥፋት ሜሞሪውን አያጠፋም። ይህንን ሁላችሁም ያዙልኝ፦ ቻትጂፒቲ ላይ ቻቱን ማጥፋት ሜሞሪውን አያጠፋም።

Settings ውስጥ ይግቡ፣ ከዚያ Personalization፣ ከዚያ የተቀመጡትን ማስታወሻዎች ዝርዝር ይክፈቱ። ዋጋውን የያዘውን መስመር ፈልገው ያጥፉት። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ ከዝርዝሩ ውጭ የቆዩ ቻቶችንም ያጣቅሳል። ስለዚህ ዋጋው በሌላ ቻት ተነስቶ ከሆነ ያንንም ማጥፋት አለብዎት። «ስለ እኔ ምን ታስታውሳለህ?» ብሎ መጠየቅ ማስረጃ አይሆንም። የሚመልሰው ሁሉንም ላይሆን ይችላል። ዝርዝሩን በዓይንዎ ይዩት።

ዋጋ የመሰለ ቶሎ ቶሎ የሚለወጥ ነገር ደግሞ ሜሞሪ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። ፋይል ላይ ያድርጉት፤ ሲለወጥ ፋይሉን ይቀይሩታል።

አዲስ አባል፦ የስልኬ ሜሞሪ ሞልቷል። ለዚህ ይሆን የሚረሳብኝ?

መልስ፦ አይደለም። ይህ ሁሉ የሚቀመጠው በድርጅቶቹ ሰርቨር ላይ ነው። ፎቶ ብታጠፊም አይረዳሽም።

ሌላ አባል፦ ከሦስቱ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ ለምኑ? ሥራህን ንገረኝና እመልስልሃለሁ።

ተማሪው፦ እኔ አዲስ ቻት አልከፈትኩም። የመመረቂያ ጽሑፌን ከመጀመሪያው አንድ ቻት ላይ ነው የምሠራው። አሁን መጀመሪያ የሰጠሁትን የአጻጻፍ ደንብ ረስቶታል።

መልስ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። አንድ ቻትም ገደብ አለው። ሞዴሉ በአንድ ጊዜ ሊያነብ የሚችለው መጠን የተወሰነ ነው። ቻቱ ከዚያ ሲያልፍ የመጀመሪያው ክፍል ይቆረጣል ወይም ይጨመቃል። ገደቡ ሳይሞላም ከላይ የተባለው ነገር በጽሑፉ ብዛት ሊዋጥ ይችላል። በአማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ፊደላችን ወደ ብዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች ስለሚከፋፈል ያው ሐሳብ ከእንግሊዝኛው የበለጠ ቦታ ይይዛል።

ምልክቱ እንዲህ ነው፦ ያረምከውን ስህተት መልሶ ይሠራል፤ የነገርከውን እንደ አዲስ ይጠይቅሃል። ያኔ አትጨቃጨቀው። የተስማማችሁበትን ደንብና የደረሳችሁበትን ጠቅልሎ እንዲጽፍልህ አድርግ። የረሳው ካለ ራስህ ሙላበት። ከዚያ ፋይል አድርገህ ፕሮጀክቱ ላይ ጫንና አዲስ ቻት ክፈት። ከአሁን በኋላ ለእያንዳንዱ ምዕራፍ የራሱን ቻት ስጠው።

የቢሮ ሠራተኛዋ፦ እኛ አምስት ሆነን በአንድ አካውንት ነው የምንሠራው። በውጭ ካርድ የሚከፍልልን አንድ ሰው ብቻ ነው። የጓደኛዬ የግል ጉዳይ እኔ ያስጻፍኩት ደብዳቤ ውስጥ ገባ።

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ፕሮጀክት ለየብቻ ክፈቱ፣ አበቃ።

ተርጓሚዋ፦ እንዴት ያበቃል? አካውንቱን የያዘ ሁሉ የሁሉንም ቻት ያነባል እኮ!

የሒሳብ ሠራተኛው፦ ጥያቄዋ ደብዳቤው ውስጥ ስለገባው ነው እንጂ ማን ያነባል አላለችም።

መልስ፦ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ነው የያዛችሁት። ቻትጂፒቲ ላይ አዲስ ፕሮጀክት ሲፈጠር ሜሞሪው በዚያ ፕሮጀክት ብቻ እንዲወሰን የሚያደርግ Project-only የሚባል ምርጫ አለ። ፕሮጀክቱን ስትፈጥሩ እዚያው ምረጡት። መደባለቁን ይቀንሳል። ከዓይን ግን አይሰውርም፤ ተርጓሚዋ እውነቷን ነው። ለግል ጉዳይ Temporary Chat አለ። ሜሞሪ ላይ አይጽፍም።

የቢሮ ሠራተኛዋ፦ አምስት አካውንት እንግዛ እንዳንል ብሩ የለም።

መልስ፦ ይገባኛል። እንግዲያው የአካውንቱን ሜሞሪ ጨርሶ ዝጉትና በፋይል ብቻ ሥሩ።

ሌላ አባል፦ ቻቱን ካጠፋሁ ሜሞሪው ይጠፋል አይደል?

መልስ፦ ከላይ ለጋሼ መልሻለሁ። ቻትጂፒቲ ላይ አይጠፋም። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ተርጓሚዋ፦ ፋይሉን ጫንኩ፣ ሠራ። ግን ደንበኛው አንድ ቃል ቀየረ። አስተካክዬ ብጭንም አንዳንዴ አሮጌውን ይጠቀማል።

መልስ፦ አሮጌው ፋይል አሁንም እዚያው አለ ማለት ነው። አዲሱን መጫን የድሮውን አይተካም፤ ሁለቱም ይነበባሉ። ቃሉን ቻት ውስጥ ብታርሚውም ፋይሉ አይታረምም። የድሮውን አጥፊና አንዱን ብቻ ተዪ። ከዚያ ሁለት አዲስ ቻት ክፈቺ፤ አንዱን በፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ሌላውን ከፕሮጀክቱ ውጭ። ለሁለቱም ያንኑ ዓረፍተ ነገር እንዲተረጉሙ ስጫቸው። አዲሱ ቃል በውስጠኛው ብቻ ከመጣ ፋይሉ እየሠራ ነው። አሮጌው ከውጭ ባለውም ከመጣ አካውንቱ ሜሞሪ ላይ የቀረ መስመር ሊኖር ስለሚችል ዝርዝሩን ከፍተሽ እዪው።