አያቴ ፋብሪካ የገባችው መቼ ነው? የተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ትምህርት ቤቶች የአካባቢ ታሪክ ሥራ አዘዋል መሰለኝ፣ ጥያቄው በዝቷል። አብዛኛው ስለ ዓመተ ምሕረት ነው። ስለዚህ እዚያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

«አያቴ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርታለች። ብቸኛዋ ሴት የልጅ ልጇ ነኝ፣ ታሪኳን ልጽፍ ፈልጌ "መቼ ገባሽ?" ስላት "በጃንሆይ ጊዜ ነዋ!" ትለኛለች። ዓመቱን ከየት ላምጣው?»

ዓመት አትጠይቂያት። ጃንሆይ ዘውድ የጫኑት በ1923 ነው፣ የወረዱት በ1967። የጣሊያን ዘመን መሐል ቢገባም ያ ሁሉ ለአያትሽ «የጃንሆይ ጊዜ» ነው። ሰው የራሱን ኑሮ የሚያስታውሰው በልጅ፣ በሠርግ፣ በሐዘንና በግርግር ነው። አንቺም በዚያው መንገድ ሂጂ። «ፋብሪካ ስትገቢ ማንን ወልደሽ ነበር? ልጁን ማን ያዘልሽ? ትምህርት ቤት ገብቶ ነበር?» በያት።

እንበልና እንዲህ አለችሽ። «ትልቁን የወለድኩት በታኅሣሥ ግርግር ዓመት ነው። ፋብሪካ ስገባ ለእናቴ ጥዬው ነው፣ ገና ፊደል አልጀመረም።» በቃ፣ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ነው። ልጁ በስድስት ዓመቱ ፊደል ቢጀምር 1959 ይሆናል። ፋብሪካው ራሱ ሥራ የጀመረው በ1953 ወይም በ1954 ስለሆነ ከዚያ በፊት ልትገባ አትችልም። ስለዚህ አያትሽ የገባችው ከ1953 እስከ 1959 ባለው ጊዜ ነው። ወረቀትሽ ላይ እንደዚያው ጻፊው። አንድ ዓመት ከራስሽ መርጠሽ «በ1956 ተቀጠረች» ብትዪ ፈጠራ ነው።

እስከ መቼ እንደቆየችም ማወቅ ከፈለግሽ ሌላ ምልክት ጨምሪ። የከተማ ትርፍ ቤት የተወረሰው ሐምሌ 1967 ነው። የጃንሆይ ምስል ያለበት ብር የተቀየረው በ1969 መጀመሪያ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ተጀመረ። «ብሩ ሲቀየር የት ነበርሽ?» ብትያት «ፋብሪካ፣ ተሰልፈን ነው የቀየርነው» ልትልሽ ትችላለች። ይህ መቼ እንደገባች አይነግርሽም፣ ቢያንስ እስከዚያ እንደቆየች ግን ይነግርሻል። ከዚያ በኋላ ሳጥኗን እንድታሳይሽ ለምኛት። የሥራ መታወቂያ ወይም የጡረታ ወረቀት ከተገኘ ስሌቱን ከወረቀቱ ጋር አስተያዪው።

«የአክስቴ ባል ፋብሪካውን "ጣሊያን የሠራው" ይሉታል። መምህሬ ግን ጣሊያን በ1933 ወጥቷል፣ ተሳስተዋል አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ 1961 ይላል። ማንን ልመን?»

የአክስትህ ባል አልተሳሳቱም። ፋብሪካው የተሠራው ጣሊያን ለጦርነቱ ካሳ በከፈለችው ገንዘብ ነው። የቆቃ ግድብም የተሠራው በዚያው ካሳ ነው። «ጣሊያን የሠራው» ያሉት ለዚህ ነው። ሽማግሌ «ጣሊያን» ባለ ቁጥር ወዲያው የወረራውን አምስት ዓመት መጻፍ በተማሪ ሥራ ላይ በጣም የሚያጋጥመኝ ስህተት ነው። «በየትኛው ጣሊያን? በጦሩ ጊዜ ነው ከዚያ ወዲህ?» ብለህ ጠይቃቸው፣ ሳያመነቱ ይለዩልሃል።

1961 የፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ እስከ ጳጉሜን ላለው ስምንት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ላለው ሰባት ትቀንሳለህ። ወሩን ካላወቅህ «1953 ወይም 1954» ብለህ ጻፍ። ይህን ዘለህ «በ1961 ዓ.ም. ተመረቀ» ብትል ምን እንደሚመጣ ከላይ ባለችው አያት ላይ ሞክረው። ፋብሪካው ሳይከፈት የገባች ትመስላለች፣ ውሸታም ታደርጋታለህ ማለት ነው።

«እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ። "የታንኳ ታሪክ በጣና" የሚል ርዕስ መርጬ መምህሩ ሰፊ ነው አሉኝ። እንዴት ላጥበው?»

መምህሩ ልክ ናቸው። አንድ መነሻ፣ አንድ መድረሻና አንድ ጭነት ምረጥ። ለምሳሌ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የቅዳሜ ገበያ ይሄድ የነበረው የማገዶ እንጨት፣ ወይም ቡና። ዘጌ በሬ የማይጠመድበት፣ ኑሮው ከጫካ ቡናና ከእንጨት የተያያዘ አገር ስለሆነ ገበያና ታንኳ እዚያ አይነጣጠሉም።

«ታንኳ ለምን ቀረ?» ብለህ አትጀምር። እንዲህ ከጠየቅህ ሬዲዮ ላይ የሰሙትን ይመልሱልሃል። «ለመጨረሻ ጊዜ በታንኳ ገበያ የሄዱት መቼ ነው? ምን ጭነው? ማን ቀዘፈ? ስንት ሰዓት ተነሡ? ነፋስ ከያዛችሁ የት ትጠጉ ነበር?» በላቸው። ከሰዓት ነፋሱ ስለሚበረታ የመነሻው ሰዓት ብቻውን ብዙ ያስወራል። ከዚያ ታንኳው ወደሚሠራበት ሣር፣ ወደ ደንገሉ ሂድ። ደንገሉ ከየት ይታጨዳል? ስንት ቀን ይደርቃል? በምን ይታሰራል? ደንገል ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ታንኳ ከውሃ እየወጣ መድረቅ አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ባለሙያው ሲያስር አጠገቡ ተቀመጥና የየክፍሉን ስም እሱ እንደጠራው ጻፍ። መዝገበ ቃላት ፍለጋ አትሂድ።

ደንገሉ ራሱ ሌላ ርዕስ ነው፣ የሚበቅለው በሐይቁ ዳር ስለሆነ የውሃው ከፍታ ይነካዋል። በ1988 በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ገብቷል። በ1995 ውሃው በጣም ወርዶ መርከብ ለወራት ቆሟል። «ያኔ ውሃው እስከ የት ሸሸ?» ብለህ ሽማግሌውን ወደ ዳርቻው ይዘሃቸው ብትወጣ በጣታቸው ያሳዩሃል። ርቀቱን በእርምጃ ለካ።

«ታንኳ የሚሠሩት ጎረቤቶቻችን ነገደ ወይጦ ናቸው። ሳላስቀይም እንዴት ልጠይቅ?»

ስለ ጉማሬ ሥጋ አትጀምር። ጉማሬ ይበላሉ እየተባለ ስንት ዘመን የተሰደቡበት ነገር ነው። ስለ ሙያቸው ጀምር፣ ስማቸውንም ራሳቸው እንደሚጠሩት ጥራ። አንድ ቀን ሙሉ ሥራ ካስፈታሃቸው ደግሞ የሠሩትን ግዛቸው። ከዚያ የጻፍከውን ወስደህ አንብብላቸው፣ ይህን አውጣ ካሉህ አውጣ።

«አያቴ ስልክ ስቀዳ ዝም ይላሉ።»

መጀመሪያ አስፈቅድ፣ ስልኩን ገልብጠህ አስቀምጥና ስለ ልጅነታቸው አስጀምራቸው። ስለ ደርግ ጊዜ ከሆነ ዝምታቸው፣ አትጎትጉት። ማስታወሻ ደብተርም ይበቃል።

«እማማ "መብራት በጃንሆይ ጊዜ ገባ" ሲሉ ጎረቤታችን ጋሼ "በደርግ ነው" ይላሉ። ሁለቱም ባሕር ዳር ነው ያደጉት።»

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው በጃንሆይ ጊዜ፣ በ1950ዎቹ ነው። ከተማው መብራት አገኘ ማለት ግን ሁሉም ቤት በራ ማለት አይደለም። ሁለቱንም «እርስዎ ቤት አምፖል የበራው የት ሰፈር ሳሉ ነው? ቆጣሪው በማን ስም ነበር?» በላቸው። መልሳቸውን በሰፈር በሰፈር ከለየኸው ጠቡ ይጠፋል፣ በምትኩ መብራቱ በየትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደገባና የትኛው እንደዘገየ የሚያሳይ ካርታ መሳል ትችላለህ። ሦስተኛና አራተኛ ሰው ጨምር፣ ግን ከሌላ ሰፈር ይሁን።