ቁርስ ማታ ነው የሚሠራው

ልጆቼ፣

ሥራዬ የሥነ ምግብ ምክር ነው። ሰዎች ፊቴ ተቀምጠው የሚበሉትንና የማይበሉትን ሲነግሩኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነ። ከሁሉም በላይ የሰማሁት «ቁርስ ለመብላት ጊዜ የለኝም» የሚለውን ነው። ወጣት ሳለሁ ይህን ስሰማ እቆጣ ነበር። «እንዴት ለራሳችሁ አሥር ደቂቃ ታጣላችሁ?» እላለሁ። እነሱም አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ይወጣሉ። በወሩ ሲመለሱ ያው ናቸው። ጥፋቱ የእነሱ ይመስለኝ ነበር።

አንዲት ወጣት ናት ያስተማረችኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነበረች። የተለመደውን ምክሬን ሰምታ ስትጨርስ፣ «ጋሼ፣ እሺ እበላለሁ። በየትኛዋ ደቂቃ እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ» አለች። መጀመሪያ የቀለደችብኝ መሰለኝ። ፊቷን ሳየው ግን የምሯን ነው። ወረቀት አወጣሁና ጠዋቷን አብረን ጻፍን።

አላርሟ 12፡20 ላይ ይጮኻል። ሁለት ጊዜ ታጠፋዋለች፤ 12፡35 ላይ ትነሳለች። ሻወር አሥር ደቂቃ፣ ልብስ ስምንት፣ ፀጉር ሰባት። ልክ አንድ ሰዓት ሆነ። ከዚያ ቁልፍና የስልክ ቻርጀር ፍለጋ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። (ይህቺን እንኳ እሷ አልጻፈቻትም፤ እኔ ነኝ ያስገባኋት፤ ሁላችንም እንፈልጋለን።) እስከ አውቶቡሱ አምስት ደቂቃ በእግር። አውቶቡሱ 1፡10 ላይ ይነሳል። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። እውነቷን ነው፤ የተረፈ ደቂቃ የለም።

አንድ እንቁላል ጠብሶ ለመብላት መጥበሻ ማውጣት፣ ማሞቅ፣ መጥበስ፣ መብላት፣ ማጠብ አለ። ቢያንስ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ይህን ከእንቅልፏ ቀንሺ ብላት ሦስት ቀን ታደርገውና ትተወዋለች። ስለዚህ ጠዋቷን ተውነውና ማታዋን ጠየቅኳት። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ምን ታደርጊያለሽ? ሳቀች። «ስልክ እነካካለሁ» አለች። እንግዲህ ቁርሷን የሠራነው ከዚያ ላይ በወሰድናት አራት ደቂቃ ነው።

የመረጥንላት የተዘፈዘፈ አጃ ነው። አሠራሩን ልንገራችሁ። ክዳኑ ጥብቅ የሚል ሰፋ ያለ የብርጭቆ ጠርሙስ ውሰዱ፤ ማር ወይም ማርማላታ የነበረበት ይበቃል። ግማሽ ኩባያ አጃ ጨምሩ፤ 40 ግራም ገደማ ነው። ሦስት አራተኛ ኩባያ ወተትና ሩብ ኩባያ እርጎ ጨምሩበት። ልኩን ለማስታወስ አንድ እጅ አጃ፣ ሁለት እጅ ፈሳሽ በሉ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ፣ የፈለገ ጥቂት ዘቢብ። በደንብ አማስሉት፣ ክደኑት፣ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት። አምስት ስድስት ሰዓት ሲያድር ይለሰልሳል። እሳት አያስፈልገውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጃውን ሲገዛ ነው። የምትፈልጉት ጠፍጣፋውን፣ ቅጠል የሚመስለውን ነው። እሱ ፋብሪካ ውስጥ በእንፋሎት አልፎ የተዳመጠ ስለሆነ በመዘፍዘፍ ብቻ ይበላል። በቢላ የተቆራረጠው፣ ክክ የሚመስለው አጃ ቢያድርም ጥርስ ላይ ይንቋቋል። በጣም ደቅቆ «በአንድ ደቂቃ ይደርሳል» የሚባለው ደግሞ ጠዋት ሙጫ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እሱን በፈላ ውኃ አድርጉት እንጂ አታሳድሩት።

የልጅቷ የመጀመሪያ ጠርሙስ አልተሳካም። ወተቱን በግምት አድርጋው ነበር፤ ጠዋት ማንኪያ የሚያቆም ሊጥ ሆኖ አገኘችው። እንዲህ ሲሆን አትጣሉት፤ ትንሽ ወተት ጨምራችሁ አማስሉት፣ ይፈታል። በሁለተኛው ቀን ሙዝ ከትፋ ጨመረችበት። ሲያድር ጠቁሮ አስጠላት። ሙዙን ሳትልጡ ቦርሳ ውስጥ ያዙት፤ ስትበሉ ትቆርሱበታላችሁ። በሦስተኛው ቀን ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልታ አውቶቡስ ውስጥ ፈሰሰባት። የሒሳብ ወረቀቶቿ ወተት ጠጡ። ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተዉለት፤ ጠርሙሱንም በፌስታል ቋጥሩት።

ከዚያ በኋላ እሑድ ማታ ሦስት ጠርሙስ በአንድ ጊዜ መሥራት ጀመረች፤ ለሰኞ፣ ለማክሰኞና ለረቡዕ። ረቡዕ ማታ ቀሪውን ትሠራለች። ከሦስት ቀን በላይ እንዲቆይ አልመክርም። ከፍሪጅ ከወጣ በኋላ ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይበላ። ሙቀት በጸናበት ቀን ከዚያም ይጠር። ወተት ነውና አትመኑት። ክዳኑን ስትከፍቱ የሚሸት ወይም አረፋ ያወጣ ከሆነ አትቅመሱት፤ ይደፋ።

ለምን አጃና ወተት? ብስኩትና ሻይ ይቀላል እኮ ትሉኛላችሁ። ይቀላል። ግን ነጭ ዱቄትና ስኳር ቶሎ ይፈጫሉ፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ እንደገና ርቧችሁ ጣፋጭ ትፈልጋላችሁ። አጃ ውስጥ ያለው አሰር ውኃ ይዞ ያብጣል፤ ከሆድ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ወተቱ፣ እርጎውና የለውዝ ቅቤው ፕሮቲን ይጨምራሉ። የነገርኳችሁ ጠርሙስ ከ15 እስከ 20 ግራም ፕሮቲን ይኖረዋል። እስከ ምሳ የሚያደርሳችሁ እሱ ነው። ቁርስ በልቼም ይርበኛል የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ፕሮቲኑ የታል ብዬ ነው። ብዙውን ጊዜ የለም።

አጃ የማይወድ አለ። አልፈርድበትም፤ ባለቤቴም አትወደውም። ለእሱ እንቁላል አለ። ማታ ራት ሲሠራ ጎን ለጎን ይቀቀላል። ውኃው ሲፈላ እንቁላሎቹን በማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡና 11 ደቂቃ ቁጠሩ። ከዚያ ቶሎ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ክተቷቸው። በፈላ ውኃ የተጀመረ እንቁላል ሲላጥ አያስቸግርም። አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ካያችሁ ብዙ በስሏል ማለት ነው እንጂ አልተበላሸም። ሳይላጥ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆያል። ጠዋት ሁለቱን ከቁራጭ ዳቦ ጋር ይዛችሁ ትወጣላችሁ። አንዱ እንቁላል ስድስት ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ብቻ እባካችሁ፣ አውቶቡስ ውስጥ አትላጡት። ሽታው ለእናንተ አይታወቃችሁም፤ አጠገባችሁ ለተቀመጠው ግን ይታወቀዋል።

ፍሪጅ የሌለው ተማሪም ይጽፍልኛል። ለእሱ ወተትና እርጎ ማሳደር አይሆንም። ጠርሙሱ ውስጥ ደረቁን ብቻ ያዘጋጅ፦ አጃ፣ የዱቄት ወተት፣ ዘቢብ፣ የተቆላ ለውዝ። ጠዋት የፈላ ውኃ ያፈስበትና ይክደነው። ፀጉሩን እስኪያበጥር ይደርሳል። ዳቦ ላይ የለውዝ ቅቤ ቀብቶ ሙዝ ከትፎ መጠቅለልም አለ። ይህ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰዓት ይዤ ለክቼዋለሁ።

ሌላው የማነሳው ጉዳይ ጊዜ ኖሯቸውም ጠዋት አልበላ የሚላቸው ሰዎች ናቸው። «ገና ስነሳ ምግብ ሳይ ያቅለሸልሸኛል» ይላሉ። እነዚህን ራት ስንት ሰዓት እንደሚበሉ እጠይቃቸዋለሁ። ማታ አራት ሰዓት ጠግቦ የተኛ ሰው 12 ሰዓት ላይ ባይርበው አይገርምም። ራቱን አንድ ሰዓት ቀደም፣ ትንሽም ቀለል ቢያደርገው በሳምንት ውስጥ ልዩነቱን ያየዋል። ካልሆነም ቁርስ የግድ ስንነሳ መበላት የለበትም። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሂዱና ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሥራ ቦታ ፍሪጅ ካለ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ብሉት። ሆድ ሰዓት አይቆጥርም። ባዶ ሆድ ላይ የሚጠጣ ቡናም ረሃቡን ለጊዜው ይሸፍነዋል፤ አልራበኝም ከማለታችሁ በፊት ቡናውን ከምግቡ በኋላ አድርጋችሁ ሞክሩት።

እዚህ ላይ ሐቁን ልናገር። ቁርስ የማይበላ ሁሉ ይታመማል ብዬ አላስፈራራችሁም። ወጣት ሳለሁ እንዲያ እል ነበር፤ ተሳስቻለሁ። እስከ ምሳ ሳይበላ ጤነኛ የሆነ፣ ሥራው የማይበላሽበት፣ ምሳውንም በልኩ የሚበላ አዋቂ ሰው አለ። እሱን አልነካውም። እኔ የምናገረው ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ ራሱን ለሚያመው፣ በትንሹ ለሚናደደው፣ አንድን መስመር ሦስት ጊዜ ለሚያነበው፣ ከዚያም ምሳ ላይ ተጣድፎ ከልክ በላይ ለሚበላው ነው። አንድ ሳምንት በልታችሁ፣ አንድ ሳምንት ሳትበሉ ረፋዱን አስተያዩት። ልዩነት ካላያችሁ ተዉት። የስኳር ሕመም ኖሮት ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ግን ይህን ሙከራ በራሱ አያድርግ። ለእሱ ምግብ መዝለል ስኳሩን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድበት ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪሙን ያነጋግር።

ያቺ ልጅ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰች። አጃው እንዴት ሆነ አልኳት። «ጥሩ ነው፤ ሁለት ቀን ግን ሳልበላው መለስኩት» አለች። ምነው? ማንኪያ ረስታ ነው። ቢሮ ውስጥ በእስክሪብቶ ልትበላ ሞክራ ሰው አየባት። እኔም ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው አለ፤ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ ስታስገቡ ማንኪያውን በላስቲክ ጎኑ ላይ እሰሩት።