«አራቱም ልክ ይመስሉኛል» ላላችሁኝ

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርኩ ቆየሁ። ሰሞኑን ስለ ምንባብ ጥያቄ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው፤ የሚደጋገመውን ትቼ እነሆ። ነገሩ በቋንቋ አይለወጥም ብዬ ምሳሌውን በአማርኛ አድርጌዋለሁ። ምንባቡን እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ለሁሉም መልስ ስለምንጠቀምበት መጀመሪያ አንብቡት።

«በመንዝ ጓሳ የሚበቅለው ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል። ቀድሞ ሣሩ ለዓመታት እንዳይታጨድ ይጠበቅ ነበር። የሚከፈትበትን ጊዜ የሚወስኑት ባለመብቶቹ ብቻ ነበሩ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ባለመብትነታቸውን ስላስቀረ ጥበቃው ላላ። ከዚያ ወዲህ አጨዳውም ግጦሹም በዛ። በኋላ ነዋሪዎቹ ተሰባስበው መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፤ ሣሩም ማገገም ጀመረ።»

«ቲቸር፣ ሁለቱን ምርጫ ቶሎ እሰርዛለሁ። የቀሩት ሁለቱ ግን እኩል ልክ ይሆኑብኛል። መጨረሻ ላይ የምሰርዘው ሁሌ መልሱን ነው።» (ተማሪ፣ ደብረ ሲና)

እስቲ ይህንን ሞክሪው። ጥያቄው «ምንባቡ እንደሚለው የጓሳ ጥበቃ የላላው ለምንድን ነው?» ይላል።

ሀ. አጨዳና ግጦሽ ስለበዛ
ለ. ባለመብቶቹ የመወሰን ሥልጣናቸውን ስላጡ
ሐ. ሣሩ ለክዳንና ለገመድ ስለሚፈለግ
መ. አዋጁ ማንኛውንም ጥበቃ ስለከለከለ

ሐ ከሞላ ጎደል የምንባቡን ቃል የቀዳ ነው። ውሸት የለበትም። ግን ሣሩ ሲጠበቅም ይፈለግ ነበር፤ ስለዚህ ለምን እንደላላ አይነግረንም። መ ግማሹ እውነት ነው፤ አዋጁ አለበት። «ማንኛውንም ጥበቃ ከለከለ» የሚል ግን የትም የለም። አንድ ምርጫ ግማሹ ከወደቀ ሙሉው ወድቋል፤ እዚህ ላይ ግማሽ ማርክ የለም።

ቀሩ ሀ እና ለ። አንቺ የምትሳሳቺው እዚህ ይመስለኛል። ሁለቱን በየተራ ከምንባቡ ጋር ስታስተያዪ ሁለቱም «አለ» ይሉሻል። ምንባቡን ለአፍታ ተይውና ሁለቱን እርስ በርስ አስተያያቸው። የሚለያዩት በምንድን ነው? ሀ ምክንያቱ ሰው ማጨዱ ነው ይላል፣ ለ ደግሞ ሥልጣን መቅረቱ ነው ይላል። አሁን ይህችን ልዩነት ብቻ ይዘሽ ተመለሺ። «ከዚያ ወዲህ አጨዳውም ግጦሹም በዛ» ይላል። «ከዚያ ወዲህ» የምትለዋን አየሻት? አጨዳው የበዛው ጥበቃው ከላላ በኋላ ነው። ሀ ውጤቱን ምክንያት አድርጎ አመጣው። መልሱ ለ ነው።

ልብ በይ፣ ለ ውስጥ ከምንባቡ ቃል በቃል የተወሰደ ነገር ጥቂት ነው። ልክ የሆነው ምርጫ ብዙ ጊዜ ልብስ ቀይሮ ይመጣል። የምንባቡን ቃል እንዳለ ለብሶ የሚመጣውን ጠርጥሪው። ሁሌም ስህተት ነው ግን አላልኩም።

«ይህን የጓሳ ጥያቄህን ልጄን ሳስጠና ነው ያየሁት። ጓሳን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያደግሁት እዚያው ነው። ሣሩን የጎዳው የሰው መብዛትና የከብት መብዛት ነው። ስለዚህ ሀ ነው።» (አባት፣ መሐል ሜዳ)

ጋሼ፣ ስለ ጓሳ ከእርስዎ ጋር አልከራከርም። ጥያቄው ግን «ምንባቡ እንደሚለው» ብሎ ነው የጀመረው። ደግሞም ስለ ሣሩ መጎዳት አልጠየቀም፤ ስለ ጥበቃው መላላት ነው የጠየቀ። እርስዎ የመለሱት ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልስዎ ለዚያኛው ልክ ሊሆን ይችላል። ልጅዎ የሚያውቀው አገር ምንባብ ሆኖ ሲመጣ ይበልጥ ይጠንቀቅ። የማያውቀውን ምንባብ ተጠንቅቆ ያነበዋል፤ የሚያውቀውን ግን ከራሱ ይሞላዋል። ለእያንዳንዱ መልስ ዐረፍተ ነገሩን በጣቱ እንዲያሳይዎት ያድርጉ። ማሳየት ካቃተው ያመጣው ከቤት ነው ማለት ነው።

«ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? "ኦልዌይስ"፣ "ኦንሊ"፣ "ኔቨር" ያለበትን ሰርዞ ለስለስ ያለውን መምረጥ ነው። እኔ በዚህ ነው ያለፍኩት።» (ደብረ ብርሃን)

እንኳን አለፍክ። ግማሹ እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ምርጫ ቶሎ ይወድቃል፣ ምክንያቱም አንድ ተቃራኒ ነገር ይበቃዋል። ነገር ግን ምንባቡን እየው፤ «የሚወስኑት ባለመብቶቹ ብቻ ነበሩ» ይላል። ጥያቄው ስለ ድሮው ውሳኔ ቢሆንና አንዱ ምርጫ «ከባለመብቶቹ በቀር ማንም አይወስንም ነበር» ቢል፣ በአንተ ዘዴ መልሱን ሰረዝከው። ጠንካራ ቃል ስታይ ምንባቡ ውስጥ እኩያውን ፈልግ። ከሌለ ያኔ ሰርዝ።

«እኔን የሚጥለኝ "ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው" የሚለው ነው። ሁሉም ምንባቡ ውስጥ አለ እኮ!» (ሸዋ ሮቢት)

አዎ፣ ስላለ ነው የሚያስቸግረው። በዚሁ ምንባብ ላይ ምርጫዎቹ እነዚህ ይሁኑ፦ የጓሳ ሣር ጥቅም፤ የኢትዮጵያ የተፈጥሮ ጥበቃ ታሪክ፤ የ1967ቱ አዋጅ ያስከተለው ጉዳት፤ የጓሳ ጥበቃ እንዴት ላልቶ እንዴት እንደተመለሰ።

የመጀመሪያው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይሸፍናል። ሁለተኛው ለስድስት ዐረፍተ ነገር በጣም ይሰፋል። ሰው የሚያልቀው ሦስተኛው ላይ ነው፤ አዋጁ መሀል ላይ ተቀምጧል፣ ዓመተ ምሕረትም አለው፣ ዓይን ይስባል። እኔ የማደርገው ይህን ነው፦ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር እይዝና «አንተን የትኛው ያስጠልልሃል?» እላለሁ። ነዋሪዎቹ ደንብ አወጡ፣ ሣሩ አገገመ የሚለው በአዋጁ ጉዳት ሥር ቦታ የለውም፤ ደጅ ያድራል። አራተኛው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይይዘዋል። ስለዚህ መልሱ አራተኛው ነው።

«ሞዴል ላይ አራቱም እውነት ሆኑብኝ። ምንባቡንም አሳየሁ፣ ሁሉም አለ። ፈታኙ ነው የተሳሳተው?» (አንኮበር)

ጥያቄውን ፎቶ አንስተህ ስለላክልኝ አየሁት። «ኤክሴፕት» የሚል ቃል አለው። የተጠየቅከው የሌለውን ነው። ሦስቱ እውነት መሆን ነበረባቸው፤ አራተኛውን ደግመህ አንብብ፣ ዓመቱን ቀይሮታል።

«ባልደረባዬ፣ ባንተው ምሳሌ ልሟገትህ። ምንባቡ "የመወሰን ሥልጣን አጡ" አላለም። "ባለመብትነታቸውን አስቀረ" ነው ያለው። ለ ያንተ ትርጉም ነው እንጂ የምንባቡ አይደለም።» (መምህር፣ አጣዬ)

ጥሩ መታኸኝ። እኔ እንዲህ ነው ያሰብኩት፦ የሚወስኑት ባለመብቶቹ ብቻ ከነበሩ፣ ባለመብትነታቸው ሲቀር ውሳኔውም ቀረ። አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ሁለቱም እግር ምንባቡ ላይ ነው። ሁለት እርምጃ የሚያስኬድ ቢሆን ኖሮ እኔም እሰርዘው ነበር። ደግሞ የምንፈልገው ከአራቱ የተሻለውን ነው፤ ሀ፣ ሐ እና መ ከዚህ የባሰ ጉድለት አለባቸው።

ሆኖም ጥያቄው «በግልጽ የተጠቀሰው» ቢል ኖሮ ክርክርህ ያሸንፈኝ ነበር። እዚህም ቢሮ ውስጥ ለሁለት ተከፍለናል፤ አንዷ መምህርት ለ ላይ «ባለመብትነታቸውን ስላጡ» ብለህ ጻፈው ትለኛለች። እንደዚያ ካደረግኩት ግን ተማሪው ቃል በማመሳሰል ብቻ ያገኘዋል። እስካሁን አልተስማማንም።

«ምንባቡን ላንብብ ወይስ ጥያቄውን ላስቀድም?» (ደብረ ሲና)

ጥያቄዎቹን ብቻ በዓይንሽ ቃኚ፣ ምርጫዎቹን አትንኪ። ምርጫ ቀድሞ ከተነበበ ሦስት የተሳሳተ ሐሳብ ይዘሽ ነው ወደ ምንባቡ የምትገቢው። ምንባቡን አንብበሽ ስትመለሺ ምርጫዎቹን በእጅሽ ሸፍኚና መልሱን በራስሽ ቃል በይው። ከዚያ እጅሽን አንሺ።