27,000 ብሩን ለምን ከታች ደበቅሽው?

«ጤና ይስጥልኝ። በአካውንቲንግ ተመርቄ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ለሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ድርጅቱ ሲዘጋ ከሥራ ወጣሁ። ሦስት ወር ሙሉ ሊንክዲን ላይ ስለ ሥራዬ ስጽፍ ቆየሁ፣ የሚከፍተው ግን የለም። የመጨረሻው ጽሑፌ እንዲህ ይጀምራል፦ ‹ውድ የሊንክዲን ቤተሰቦቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ በሁለት ዓመት የሥራ ቆይታዬ ካጋጠሙኝና ብዙ ትምህርት ካገኘሁባቸው ነገሮች አንዱን ላካፍላችሁ ወደድኩ።› አባቴ ‹ኢንተርኔት ላይ ማልቀሱን ትተሽ የባንክ ፈተና ተፈተኚ› ይለኛል። አንድ ልጅ ደግሞ አጻጻፍ ላስተምርሽ፣ 6,000 ብር ክፈይ ብሎኛል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ጽሑፍሽን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አምስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ተናደድኩ። የካዝናው ጉድለት፣ 27,000 ብሩ፣ ስህተቱን ያገኘሽበት መንገድ፣ ሁሉም እዚያ ተቀምጧል። ቀጣሪ የሚፈልገው እሱን ነው። ግን እዚያ ድረስ የሚወርድ የለም።

ስልክ ላይ ሊንክዲን ከጽሑፍሽ የሚያሳየው ሦስት መስመር ያህል ነው። ከዚያ «…more» ይልና ይቆርጠዋል። ባዶ መስመር ከተውሽ እሱም እንደ አንድ መስመር ይቆጠራል። ያንቺን በስልኬ ሳየው ሰላምታው አንዱን መስመር በላው። የቀሩት ሁለቱ «ካጋጠሙኝና ብዙ ትምህርት ካገኘሁባቸው» እያሉ አለቁ።

እዚህ ላይ አማርኛችን የራሱ ጣጣ አለው። ግሳችን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ረጅም ዓረፍተ ነገር ስትጀምሪ መቀሱ ከግሱ በፊት ይደርሳል። አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ያልፋል። በእንግሊዝኛ «200 ፊደል ይበቃሻል» የሚሉ ምክሮችንም እንዳለ አትውሰጂ። ፊደላችን ሰፊ ነው፣ አንድ መስመር ላይ የሚገባው ቁጥር ያንሳል። ይልቅ አንዱን የድሮ ጽሑፍሽን በጓደኛሽ ስልክ ክፈቺና እስኪቆረጥ ድረስ ስንት ቃል እንደታየ ቁጠሪ። መለኪያሽ እሱ ነው። ኮምፒውተር ላይ ሰፋ ብሎ ስለሚታይ አያታልልሽ።

እኔ ወደዚህ ሥራ ከመምጣቴ በፊት 11 ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። ማስታወቂያ ሲመጣ አዘጋጁ ዜናዬን ከታች ነበር የሚቆርጠው። ስለዚህ ዋናውን ነገር ላይ ማድረግ ለመድኩ። ያንቺን ጽሑፍ እንዲህ እጀምረው ነበር፦

«ካዝናዬ 27,000 ብር ጎደለው። ሌባ ከመፈለጋችን በፊት ቁጥሩን ለ9 አካፈልኩት።»

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ከመቆረጣቸው በፊት ግሳቸው ላይ ደርሰዋል። አንባቢው የሆነውን ያውቃል፤ ያልገባው «ለምን ለ9?» የሚለው ብቻ ነው። የሚያስከፍተው ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን ደግሞ ወዲያው ቀጥሎ ስጪው። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ቦታ ሲቀያየሩ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። 27,000ም ይካፈላል። ስለዚህ ደረሰኞቹን ከመዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሽ፤ የ36,000 ብር ደረሰኝ መዝገብ ላይ 63,000 ተብሎ ተጽፎ አገኘሽው።

ግን «ማንኛውንም ጉድለት በአንድ ደቂቃ የሚያጋልጥ ምስጢር» ብለሽ እንዳትጀምሪ። ለ9 መካፈሉ የት እንደምትፈልጊ ይጠቁማል እንጂ ማስረጃ አይደለም። በሌላ ምክንያት የጎደለ ብርም ለ9 ሊካፈል ይችላል። ይህን የሚያውቅ የፋይናንስ ኃላፊ ይከፍተውና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይታዘብሻል። አንቺን የሚቀጥረው ደግሞ እሱ ነው።

ሰላምታ መዝለል ብልግና መስሎ እንደሚታይሽ ይገባኛል። መጨረሻ ላይ አድርጊው። ሥራ እየፈለግሽ መሆኑንም እዚያው በአንድ መስመር ጻፊ። የድርጅቱን ስም ግን አትጥቀሺ፤ ቢዘጋም የሰው ሒሳብ ነው።

አባትሽ ተሳስተዋል። በእርግጥ ያዩት ሁለት መስመር ልመና ስለሚመስል አልፈርድባቸውም። የባንክ ፈተናውን ተፈተኚ፣ መጻፉን ግን እሳቸው ስላሉ አታቁሚ። ደመወዝ የሚከፍልሽ ሰው ሥራሽን ማየት አለበት፣ አባትሽ ደግሞ ሊያሳዩልሽ አይችሉም።

6,000 ብሩን አትክፈዪ። ደመወዝ ለሌለው ሰው የትራንስፖርት ገንዘብ ነው።

አሁን አዲስ ጽሑፍ አትጀምሪ። ያንኑ ጽሑፍ ክፈቺና አምስተኛውን አንቀጽ ወደ ላይ አውጪው፣ ሊንክዲን ማስተካከል ይፈቅዳል። ከዚያ በጓደኛሽ ስልክ «…more» የት ላይ እንዳረፈ እዪ። «አካፈልኩት» ካልታየ ከፊቱ አንድ ቃል ቀንሺ።