ሌሊቱን የሚቆጥር ተክል፦ ስለ ቀን ርዝመትና ስለ ማበብ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

የባዮሎጂ ተማሪ፣ ከሐዋሳ፦ የአጭር ቀን ተክል ከ12 ሰዓት ያነሰ ቀን ሲያገኝ የሚያብብ፣ የረጅም ቀን ተክል ደግሞ ከ12 ሰዓት የበለጠ ቀን የሚፈልግ ነው ተብለን ተምረናል። ልክ ነው?

መልስ፦ ልክ አይደለም፤ ስህተቱ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው። 12 ሰዓት የሚባል የጋራ ድንበር የለም። እያንዳንዱ ተክል የራሱ ድንበር አለው፤ ስሙ የሚነግረን ተክሉ የሚያብበው ከዚያ ድንበር በታች ወይስ በላይ መሆኑን ብቻ ነው። ፍሬው በከብት ጸጉርና በልብስ ላይ የሚጣበቀው ዛንቲየም የተባለ አረም የአጭር ቀን ተክል ነው፤ ሆኖም ቀኑ ከ15 ሰዓት ተኩል እስካልበለጠ ድረስ ያብባል። ከድንችና ከቲማቲም ቤተሰብ የሆነው ሃዮሳያመስ ደግሞ የረጅም ቀን ተክል ቢሆንም ቀኑ ከ11 ሰዓት ገደማ ካለፈ ይበቃዋል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ተክለን 13 ሰዓት ብርሃን ብንሰጣቸው ሁለቱም ያብባሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ቀኑን ስናሳጥር ወይም ስናስረዝም ነው፤ አንዱ ማበቡን ይተዋል፣ ሌላው ይቀጥላል።

ያው ጠያቂ፦ እርስዎ በሌላ ቦታ «ተክል የሚቆጥረው ሌሊቱን ነው» ብለዋል። ታዲያ ስሙ ለምን «የቀን» ሆነ?

መልስ፦ ስሙ የወጣው ሌሊቱ ከመታወቁ በፊት ስለሆነ ነው። ጋርነር እና አላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በዋሽንግተን አቅራቢያ በአርሊንግተን «ሜሪላንድ ማሞት» የተባለ የትምባሆ ዝርያ ያለሙ ነበር። ትምባሆው ቀኑ በሚረዝምበት በበጋ ከ3 ሜትር በላይ ይረዝማል እንጂ አያብብም፤ በክረምት በመስታወት ቤት ሲተከል ግን ገና አጭር ሳለ ያብባል። ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና አፈሩን አንድ በአንድ ፈትሸው ምክንያቱን ሲያጡ፣ በበጋ ወቅት ተክሎቹን ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ቤት እያስገቡ ጠዋት ማውጣት ጀመሩ፤ ትምባሆውም አበበ። ይህን በፈረንጆቹ 1920 ሲያሳትሙ «የቀን ርዝመት» አሉት። በ1938 ሃምነር እና ቦነር ከላይ በጠቀስኩት ዛንቲየም ላይ ሙከራውን ገለበጡት። ቀኑን በአጭር ጨለማ ሲያቋርጡት ምንም አልተለወጠም፤ ረጅሙን ሌሊት በጥቂት ደቂቃ ብርሃን ሲያቋርጡት ግን ተክሉ ሳያብብ ቀረ። ተክሉ የሚፈልገው ያልተቋረጠ ጨለማ ነበር ማለት ነው። ስሙ ግን አስቀድሞ ስለተለመደ እንዳለ ቀጠለ።

አንዲት እናት፣ ከሜሪላንድ፦ ባለፈው ገና የገዛኋት ቀይ ፖይንሴቲያ እስካሁን አለች፤ ቅጠሏ ያማረ ነው፣ ግን ሁለተኛ አልቀላ አለች። አዲስ አበባ እናቴ ግቢ ያለችው ማንም ሳይነካት በየዓመቱ ትቀላለች። ማዳበሪያ ልጨምርላት?

መልስ፦ ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ የጎደላት ጨለማ ነው። ፖይንሴቲያ የአጭር ቀን ተክል ስትሆን፣ ቀይ የሚሆነው በትንንሾቹ አበቦች ዙሪያ ያለው ቅጠል ነው። በእርስዎ አካባቢ ከኦክቶበር ጀምሮ ሌሊቱ በራሱ በቂ ርዝመት አለው፤ ነገር ግን ተክሏ ያለችው ሳሎን ውስጥ ከሆነ መብራቱ እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚበራ ለእርሷ ሌሊት የሚባል ነገር አልመጣም። በፈረንጆቹ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይጀምሩና በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ብርሃን የማያስገባ ካርቶን ይድፉባት፤ ቀን ቀን በደንብ ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ትቀመጥ። ይህን ከ8 እስከ 10 ሳምንት ሳያቋርጡ ያድርጉ። እንግዳ መጥቶ አንድ ቀን ቢረሱት ጥፋቱ ቀላል ነው፤ በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ሌሊት ከረሱ ግን ድካሙ ከንቱ ይሆናል። የእናትዎ ግቢ ያለችዋ ደጅ ናት፣ ከጥቅምት ጀምሮም ሌሊቱ ከ12 ሰዓት በላይ ነው። እዚያው ሰፈር የመንገድ መብራት በቀጥታ የሚያርፍባት ፖይንሴቲያ ካለች፣ በመብራቱ በኩል ያለው ቅርንጫፏ አረንጓዴ ሆኖ ሲቀር ማየት ይቻላል።

የእርሻ ተቆጣጣሪ፣ ከባቱ፦ ክሪሳንተመም ከተባለው አበባ እናት ተክል ካቲንግ፣ ማለትም ለተከላ የሚቆረጥ ጫፍ፣ እናመርታለን። በአንድ ግሪን ሃውስ ውስጥ ካቲንጉ ጫፉ ላይ እንቡጥ ይዞ እየወጣ ተቸግረናል። ማዳበሪያውን ቀየርን፣ ተባይም ፈተሽን፣ ምንም የለም። መብራቱ በየቀኑ ይበራል።

መልስ፦ «ይበራል» ያሉት በስንት ሰዓት ነው? ይህን የምጠይቀው እኔም ለዓመታት የእናት ተክል ክፍል ስመራ በዚሁ ተሸውጄ ስለነበር ነው።

ክሪሳንተመም እንቡጥ የሚጀምረው ቀኑ ከ13 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲያንስ ነው። በእኛ አገር መሃል ኬክሮስ ላይ ረጅሙ ቀን በሰኔ ከ12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አይበልጥም፤ አጭሩም በታኅሣሥ ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድም። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ በክረምት ብቻ የሚያስፈልገው መብራት እኛ ዘንድ ዓመቱን ሙሉ ካልበራ እናት ተክሉ ቅጠል መስጠቱን ትቶ ወደ አበባ ይሄዳል። የተለመደው አሠራር ከሌሊቱ 4 እስከ 8 ሰዓት ማብራት ነው፤ ረጅሙ ሌሊት ለሁለት አጭር ሌሊት ይከፈላል፣ ተክሉም በጋ ነው ብሎ ይቀጥላል።

እኛ ዘንድ የነበረው መቆጣጠሪያ ባትሪ የሌለው ባለ ጥርስ ሰዓት ነበር። ኃይል በተቋረጠ ቁጥር ሰዓቱም ይቆማል፤ ኃይሉ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተጠራቀመው መቋረጥ 8 ሰዓት ሲሞላ፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓት መብራት የነበረበት አምፖል ንጋት 12 ሰዓት ላይ መብራት ጀመረ። ሠራተኛው ጠዋት ሲገባ መብራቱ በርቶ ያገኘዋል፣ መዝገቡ ላይም «በርቷል» ብሎ ይጽፋል። ተክሉ ግን ሙሉውን ሌሊት ሳይቋረጥ አገኘ። እንቡጡ ደግሞ ወዲያው አይታይም፤ ጥፋቱ ከተፈጠረ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ስለሚወጣ ሰው ሁሉ ምክንያቱን የዛሬው ማዳበሪያ ውስጥ ይፈልጋል።

እንግዲህ በመጀመሪያ እንቡጥ የያዙትን ተክሎች ቦታ በወረቀት ላይ ይሳሉ። ቤቱ በሙሉ ከሆነ ሰዓቱን ይጠርጥሩ፤ ክብ ክብ ሆኖ በየቦታው ከሆነ ከክቡ በላይ ያለውን አምፖል ይመልከቱ፤ በሁለት አምፖሎች መካከል በመስመር ከሆነ ርቀቱ ሰፍቷል ማለት ነው። ብርሃኑን የሚለኩት ከአምፖሉ ሥር ሳይሆን በአምፖሎቹ መካከል በጨለመው ቦታ፣ በተክሉ ጫፍ ከፍታ ነው፤ እዚያ 100 ሉክስ ገደማ ካገኙ ይበቃል። ከእንቡጡ ሥር ያለው ቅጠል ጥርሱን አጥቶ ጠባብና ረጅም ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የሌሊት ርዝመት ለመሆኑ ጥሩ ምስክር ነው። እንቡጥ የያዘውን ጫፍ ቆርጠው ይጣሉ፤ ያረጀ እናት ተክል ከሆነ ግን በእኔ ግምት ነቅሎ መተካት ይሻላል።

ያው ተቆጣጣሪ፦ ጂፕሶፊላ የተባለ አበባም አለን። አሮጌውን ባለ ሽቦ አምፖል በቀይ ኤል ኢ ዲ ብቀይረው ለሁለቱም ይሠራል?

መልስ፦ ለክሪሳንተመሙ ቀዩ በደንብ ይሠራል፤ ሌሊቱን ለማቋረጥ ከሁሉ የሚበረታው ቀይ ብርሃን ነውና። ጂፕሶፊላ ግን የረጅም ቀን ተክል ነው፤ መብራቱን የምንጨምረው እንዲያብብ ነው። እንዲህ ያሉት ብዙዎቹ ከቀዩ ጋር በዓይን እምብዛም የማይታየውን ጥልቅ ቀይ ይፈልጋሉ፤ አሮጌው አምፖል ይህን በብዛት ይሰጥ ነበር። ለእርሱ ሁለቱንም ቀለም የያዘ ኤል ኢ ዲ ይግዙ፣ አንድ የተክል አልጋ ላይም ሞክረው ይዩት።

አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን፦ ይህ ሁሉ ለፈረንጅ አገር ነው። እኛ ዘንድ ቀንና ሌሊቱ እኩል ነው፤ አበባን የሚያመጣው ዝናብ ነው። አደይ አበባ መስከረምን የሚያውቀው በክረምቱ ነው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ግማሹን ልክ ብለዋል። ቡና በሙከራ ሲታይ የአጭር ቀን ባሕርይ ያለው ነው፤ በአገራችን ቀኑ ምንጊዜም ከድንበሩ በታች ስለሆነ ግን እንቡጡ ተዘጋጅቶ በደረቁ ወራት ያንቀላፋል፣ የሚያስፈነዳው የመጀመሪያው ዝናብ ነው። በቡና ረገድ እርስዎ ረቱኝ። ነገር ግን በዓመት ውስጥ ያለችው የአንድ ሰዓት ልዩነት ትንሽ ናት ብለው አይናቋት። በሚያዝያ የሚዘራው የቆላ ረጅም ማሽላ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ቢዘራም ራስ የሚያወጣው በተቀራራቢ ጊዜ ነው፤ ቀኑ እስኪያጥር ይጠብቃልና። አደይን በተመለከተ ዝናብና የቀኑ ማጠር አብረው ስለሚመጡ በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም። ዘሩን በየካቲት በመስኖ ዘርቶ ግማሹን በሌሊት መብራት ሥር ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ካበበ እርስዎ ረቱ።

አንድ ገበሬ፣ ከመቂ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝ የሽንኩርት ዘር አንገቱ እየወፈረ ቅጠል ብቻ ሆነ። አላበበም ማለት ነው?

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከማበብ የተለየ ነው፤ ግን ዘመዱ ነው። ሽንኩርት ራስ የሚቋጥረው በቀን ርዝመት ሲሆን፣ ለአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል የተዘጋጁ ዝርያዎች 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ቀን ይጠብቃሉ። መቂ ላይ ያ ቀን አይመጣም። አዳማ ቀይን ወይም ቦምቤ ቀይን ይዝሩ፤ የቀረውን ለቅጠሉ ይጠቀሙበት።

የባዮሎጂ ተማሪ፦ እኔ የተረዳሁት ፋይቶክሮም የተባለው ቀለም ቀን ቀን ይሞላል፣ ሌሊት እንደ አሸዋ ሰዓት ይፈስሳል፤ ሲያልቅ ተክሉ ያብባል። ይህስ?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ የታመነበት ሐሳብ ነበር፤ ግን ብቻውን አይበቃም። የአጭር ቀን ተክል የሆነውን የአኩሪ አተር ዝርያ ከሁለት ቀን በላይ በዘለቀ ጨለማ ውስጥ አስቀምጠን በተለያየ ሰዓት ብርሃን ብናሳየው፣ ብርሃኑ በማበቡ ላይ የሚያመጣው ውጤት በየ24 ሰዓቱ ገደማ ከፍና ዝቅ ይላል። የሚፈስስ አሸዋ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንድ ጊዜ ፈስሶ ያልቅ ነበር እንጂ እንዲህ አይደጋገምም ነበር። ስለዚህ ተክሉ በውስጡ የሚዞር ሰዓት አለው፤ ፋይቶክሮም ደግሞ «አሁን ብርሃን አለ» ብሎ ለሰዓቱ የሚነግር ዘበኛ ነው። አራቢዶፕሲስ በተባለችው የረጅም ቀን ተክል ሰዓቱ ኮንስታንስ የተባለውን ጂን የሚያነሣው ወደ ማምሻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ገና ብርሃን ካለ ፕሮቲኑ ይቆያል፣ ከጨለመ ይፈርሳል። የቆየው ፕሮቲን ቅጠሉ ውስጥ ኤፍ ቲ የተባለውን መልእክተኛ ያሠራል፤ መልእክተኛውም በግንዱ ወደ ጫፍ ይጓዛል። ቻይላኽያን የተባለው የሶቪየት ሳይንቲስት በ1930ዎቹ እንዲህ ያለ ተጓዥ ነገር መኖር አለበት ብሎ ፍሎሪጅን ብሎት ነበር፤ ማንነቱ በማስረጃ የጸናው በ2007 ነው። የአጭር ቀን ተክል በሆነው ሩዝ ውስጥ ያው የኮንስታንስ ዘመድ በረጅም ቀን ማበብን ይከለክላል፣ በአጭር ቀን ይደግፋል። አንዱ ፕሮቲን ሁለቱን ተቃራኒ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ገና የሚመረመር ነው።

የማታ ተማሪ፣ ከጎንደር፦ ሙሉ ጨረቃስ ሌሊቱን አታቋርጥም?

መልስ፦ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከአንድ ሉክስ ሲሶ አይበልጥም፤ ከላይ ለክሪሳንተመም ከጠቀስኩት 100 ጋር ያስተያዩት። አንዳንድ ተክል ጨረቃዋ በላዩ በምትሆንበት ሰዓት ቅጠሉን አጥፎ ስለሚያድር ከእርሷ ይሸሻል ያሉ ሊቃውንት ነበሩ፤ እኔ ግን በሙሉ ጨረቃ ምክንያት የተበላሸ አልጋ አላጋጠመኝም። ሌሊቱን ሙሉ ሲበራ ያደረ የጥበቃ ቤት አምፖል ያበላሸው ግን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።